ግማሽ ሚሊዮን መሆኑን በምን አወቀ?

«ጋሼ፣ በአንድ የእህል መጋዘን ገንዘብ ያዥ ሆኜ ከተቀጠርኩ አራት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት 38 ኩንታል ከ75 ኪሎ ነጭ ጤፍ፣ ኩንታሉን በ12,850 ብር ሸጥንና ሒሳቡን ስሠራ 49,793 ብር ከ75 ሳንቲም ወጣ። ከማስታወሻዬ እያየሁ ደግሜ መታሁት፣ ያው ነው። ደረሰኝ ልቆርጥ ስል ባለ መጋዘኑ ከበር ላይ ሆኖ ሰማኝና "ሃምሳ ሺህ? ይሄ እኮ ግማሽ ሚሊዮን ነው!" አለኝ። ካልኩሌተር አልነካ፣ ብዕር አላነሳ። እሱ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረም፣ እኔ ዲፕሎማ አለኝ። በምን አወቀ? እኔስ እንዲህ ማወቅ የምችለው እንዴት ነው? በቃሌ ማባዛት ድሮም አይሆንልኝም።
ገንዘብ ያዥዋ፣ ከአዲስ አበባ»

ልጄ፣ መጀመሪያ ያን ማስታወሻ ፈልጊና እዪው። ዋጋው 1,285 ተብሎ ተጽፎ ታገኚዋለሽ ብዬ እገምታለሁ፤ ምክንያቱም 38.75 በ1,285 ሲባዛ ልክ አንቺ ያገኘሽው 49,793.75 ነው የሚመጣው። ካልኩሌተሩ የጠየቅሽውን በትክክል መልሶልሻል። ዜሮዋ የጠፋችው ከወረቀቱ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያው ወረቀት እያየሽ ዐሥር ጊዜ ብትመቺውም ዐሥር ጊዜ ያው ቁጥር ነው የሚወጣው። መድገም የጣትን ስሕተት ይይዝ ይሆናል፤ የወረቀትን ስሕተት ግን አይዝም። ለዚያ በሌላ መንገድ የመጣ ሌላ ቁጥር ያስፈልግሻል። ባለ መጋዘኑ በእጁ የነበረው እንዲህ ያለ ቁጥር ነው።

ነጋዴ በቃሉ ሲያሰላ እንዲህ ነው የሚሄደው፦ ኩንታሉ ወደ 12 ሺህ 800 ነው፤ ዐሥሩ ኩንታል 128 ሺህ ይሆናል፤ 38ቱ ለአርባ ትንሽ ነው የጎደለው፤ አርባ ደግሞ የዐሥር አራት እጥፍ ነው፤ 128 ሺህ ሲታጠፍ 256፣ ያም ሲታጠፍ 512 ሺህ። ከአርባ ስለሚያንስ ከ512 ትንሽ ዝቅ ይላል። ግማሽ ሚሊዮን። አንዲትም ከባድ ማባዛት የለችበትም፤ ሁለት ጊዜ ማጠፍ ብቻ ነው። አንቺ «በቃሌ ማባዛት አይሆንልኝም» ስትዪ 38.75ን በ12,850 ማባዛት እያሰብሽ ነው። ያንንማ እሱም በቃሉ አያደርገውም። እሱ የሚያደርገው ቁጥሮቹን ለሱ ወደሚመቹ ጎረቤቶቻቸው ማዞር ነው።

እዚህ ላይ በትምህርት ቤት የለመድሽውን ማጠጋጋት ትንሽ ላላ አድርጊው። እዚያ የተማርሽው «አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ላይ፣ ካነሰ ወደ ታች» የሚለውን ነው። ለግምት ሥራ ግን ዋናው ጥያቄ የትኛው ቁጥር ይቀርባል ሳይሆን የትኛው ቁጥር ይመቸኛል ነው። ለምሳሌ 12,850ን በደንቡ ብናጠጋጋው 13,000 ይሆናል። እኔ ግን 12,500ን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም 125 አራት ጊዜ 500 መሆኑን ማንም ያውቀዋል። አርባ ጊዜ 12,500 እንግዲህ 500,000 ነው። ትክክለኛው መልስ 497,937 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በሁለት ሺህ ብር ብቻ ነው የተለያዩት፤ ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ይህን ያህል መቅረቡ በዕድል ብቻ የመጣ አይደለም። ኩንታሉን ከ38.75 ወደ 40 ሳነሣው ከመቶ ሦስት ያህል ጨመርኩ። ዋጋውን ከ12,850 ወደ 12,500 ሳወርደው ደግሞ ከመቶ ሦስት ያህል ቀነስኩ። የጨመርኩት የቀነስኩትን ካሰው። ሁለቱንም ወደ ላይ ብወስዳቸው፣ ማለትም 40 በ13,000 ብል፣ 520,000 ነበር የማገኘው፤ በአንዱ ከመቶ ሦስት፣ በሌላው ከመቶ አንድ ጨምሬ፣ ጭማሪዎቹ ተደምረው ከመቶ አራት በላይ ሆኑ። ያም ቢሆን ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ግን ስታባዢ አንዱን ከፍ ካደረግሽ ሌላውን ዝቅ የማድረግ ልማድ ይኑርሽ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በ1 የሚጀምሩ ቁጥሮችን ወደ አንድ አኃዝ አታጠጋጊያቸው። 12,850ን «ዐሥር ሺህ በይው» ብትዪ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ጣልሽ፣ ግምትሽም 400 ሺህ ይሆናል። በ8 ወይም በ9 የሚጀምር ቁጥር ግን እንዲህ አይጎዳም፤ 9,400ን 9,000 ብትዪው የሄደው ከመቶ አራት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያው 1 ከሆነ ሁለተኛውንም አኃዝ ያዢ፤ 12 ወይም 13 በዪ፣ ወይም እንደ እኔ 12 ተኩል።

ብዙ ሰው ግምቱን የሚያበላሸው በማባዛቱ ሳይሆን በዜሮ ቆጠራ ነው። አራት በ125 አምስት መቶ መሆኑን ያገኙና ስንት ዜሮ ይለጠፍ በሚለው ይጠፋሉ። እኔ ዜሮ መቁጠር ትቼ በአፌ ነው የምለው፤ ሺህ ዐሥር ጊዜ ዐሥር ሺህ ነው፣ ሺህ መቶ ጊዜ መቶ ሺህ ነው፣ ሺህ ሺህ ጊዜ ሚሊዮን ነው። ለአንቺ ሥራ እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። «ዐሥር ኩንታል በ12 ሺህ ተኩል፣ 125 ሺህ፤ አርባው ደግሞ አራት እጥፍ» ስትዪ ሺሁ ራሱ ቦታውን ይዞ ይጓዛል፤ ለዜሮዎቹ ወረቀት አያሻሽም።

አሁን ግምቱ 500 ሺህ፣ ካልኩሌተሩ ደግሞ 49,793 ቢሉሽ ምን ትያለሽ? መልሱ ስሕተት መሆኑ ግልጽ ነው። ከዚያ በላይ ግን ልዩነቱ ስንት እጥፍ መሆኑ ስሕተቱ የት እንዳለ ይጠቁምሻል። ዐሥር እጥፍ ገደማ ከሆነ አንድ ዜሮ ጎድሏል ወይ ተርፏል፣ አለዚያ የነጥብ ቦታ ተሳስቷል፤ ያንቺው ዓይነት ማለት ነው። መቶ እጥፍ ከሆነ ግን በእህል ሥራ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኩንታልና ኪሎ መደባለቃቸውን ነው። ኩንታል መቶ ኪሎ ነው፤ የኪሎው ዋጋ 128 ብር ከ50 ይሆናል። 38.75 ኩንታሉን በኪሎው ዋጋ ብታባዢ 4,979 ብር ከ37 ሳንቲም ገደማ ይወጣል፤ ከግማሽ ሚሊዮኑ መቶ እጥፍ ያነሰ። እንዲህ ሲሆን ዜሮ ፍለጋ አትድከሚ፤ ዋጋው የምን ዋጋ እንደሆነ፣ መጠኑም በምን እንደተለካ ነው የምታዪው።

ልዩነቱ ዐሥር እጥፍም መቶ እጥፍም ሳይሆን፣ ግምቱ 500 ሺህ ብሎ መልሱ 250 ሺህ ወይም 800 ሺህ ቢሆንስ? ያኔ ምናልባት ሌላ ሰው የገዛውን መጠን ወይም የትናንቱን ዋጋ ነው የመታሽው። ካልኩሌተሩን ትተሽ የሚዛኑን ወረቀትና የዋጋ መዝገቡን አውጪ። ልዩነቱ ከመቶ አራትና አምስት የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ግምቱ ከዚያ በላይ የሚነግርሽ ነገር የለም።

ግምቱን መቼ ነው የምትሠሪው የሚለው ለእኔ ከሁሉ የሚብሰው ጉዳይ ነው። ካልኩሌተሩን ከመንካትሽ በፊት ሥሪው፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይም ጻፊው። ይህን የምልሽ ገንዘብ አስከፍሎኝ ስለተማርኩት ነው። በወጣትነቴ በአንድ የሲሚንቶ መጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ሳለሁ 420 ከረጢት፣ አንዱን በ148 ብር ከ50 ሸጥን። ካልኩሌተሩ 6,237 አለ። መልሱን ካየሁ በኋላ «እስቲ ልገምት» ብዬ አራት ጊዜ 15 ስድሳ አልኩ፤ መልሱም በ6 ይጀምራል፣ እንግዲህ ልክ ነው ብዬ ደረሰኙን ቆረጥኩ። አራት መቶ በመቶ ሃምሳ ስድሳ ሺህ መሆኑን አፌ ሳይናገረው ዓይኔ 6ን አይቶ ረካ። ከ420ው ዜሮዋን ሳልመታት ቀርቼ ነበር፤ ትክክለኛው 62,370 ብር ነው። የጎደለው 56 ሺህ ብር ማታ ካዝና ሲቆጠር ታወቀ፣ ገዢው ግን ጭነቱን ይዞ ከከተማ ወጥቶ ነበር። ከደመወዜ ለረጅም ጊዜ ተቆረጠ። መልሱን አይቶ የሚገምት ሰው ግምቱን ሳያውቀው ወደ መልሱ ይጎትተዋል። ቀድሞ የተጻፈ 60,000 ግን አይጎተትም፤ 6,237 አጠገቡ ሲቀመጥ ገና በርዝመቱ ያስደነግጣል።

ማካፈል ላይ ደግሞ ሕጉ ይገለበጣል፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በእርግጠኝነት የሚገጥምሽን ልውሰድ። አይሱዙ መኪና 47 ኩንታል አምጥቶ የጭነት ኪራዩ 16,920 ብር ሆነ እንበል፤ ባለ መጋዘኑ በኩንታሉ ላይ ስንት ልጨምር ብሎ ይጠይቅሻል። 47ቱን ወደ 50 ልታነሺው ትፈልጊያለሽ፣ ጥሩ ነው። ግን አካፋዩ ሲያድግ ድርሻው ያንሳል፤ ያንን ለማካካስ ተካፋዩንም አብረሽ ማሳደግ አለብሽ። 16,920ን ወደ 17,500 አድርጊው። ለሃምሳ ማካፈል ደግሞ ለመቶ አካፍሎ ማጠፍ ነው፤ 175 ሲታጠፍ 350 ብር። ትክክለኛው 360 ነው። እንደ ማባዛቱ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርገሽ 16,000ን ለ50 ብታካፍዪ ግን 320 ይመጣል፤ ስሕተቶቹ ሳይካካሱ ተደጋግፈው ከመቶ ዐሥር በላይ ያርቁሻል። ስታባዢ በተቃራኒ፣ ስታካፍዪ በአንድ አቅጣጫ።

በማካፈል ላይ ሌላም የተለመደ ስሕተት አለ፤ ቁጥሮቹን በተገላቢጦሽ መምታት። 47ን ለ16,920 ብታካፍዪ ካልኩሌተሩ 0.00277 የመሰለ ነገር ያሳያል። ወደ 350 ብር እየጠበቅሽ እንዲህ ያለ ከአንድ በታች የሆነ ቁጥር ካየሽ፣ ዜሮ አትፈልጊ፣ ቅደም ተከተሉን አዙረሽ ምቺ።

አንዳንዴ ደግሞ ትክክለኛው መልስ ራሱ ስሕተት ይመስላል። አንድ ሴት 75 ኪሎ ገዝታ 9,637 ብር ከ50 ከፈለች፤ የኩንታሉን ዋጋ ለማወቅ 9,637.50ን ለ0.75 ታካፍያለሽ፣ 12,850 ይወጣል። «አካፍዬ እንዴት ጨመረ?» ብለሽ ትክክለኛውን መልስ እንዳታጠፊው። ከአንድ በሚያንስ ቁጥር ሲካፈል መልሱ ያድጋል፣ ሲባዛ ያንሳል። የዚህንም ግምት በሩቡ መንገድ ያዢው፤ 75 ኪሎ ሦስት ሩብ ነው፤ ሦስቱ ሩብ 9,600 ካወጣ አንዱ ሩብ 3,200፣ አራቱ 12,800። ለእኔ ከነጥብ ጋር ከመታገል ይህ ይቀላል፤ ገበያ ላይ ያደግሽ ከሆነ ለአንቺም እንደዚያው ነው።

አሁን ግምት የማይይዘውን ልንገርሽ፤ ይህን ሳታውቂ በግምት ብትተማመኚ ሌላ ጣጣ ውስጥ ትገቢያለሽ። 38 ኩንታል ከ5 ኪሎ በካልኩሌተር ላይ 38.05 ነው። ብዙ አዲስ ገንዘብ ያዥ 38.5 ይመታዋል፣ ያ ደግሞ 38 ኩንታል ከ50 ኪሎ ማለት ነው። በ12,850 ሲባዙ አንደኛው 488,942 ብር ከ50፣ ሁለተኛው 494,725 ይሆናል። ገዢው ባልወሰደው 45 ኪሎ ጤፍ 5,782 ብር ከ50 ተጫነበት። ሁለቱም «ግማሽ ሚሊዮን ገደማ» ስለሆኑ የባለ መጋዘኑ ጆሮ እንኳ አይነቃም። ለዚህ መድኃኒቱ ትርፍ ኪሎዎቹን ለብቻ መገመት ነው። 5 ኪሎ በ130 ብር 650 ብር ነው። 38ቱ ኩንታል ብቻውን 488,300 ካወጣ፣ በላዩ ላይ የሚጨመረው ስድስት ሺህ ሳይሆን ስድስት መቶ ምናምን ነው። ማስታወሻሽም ላይ ኪሎውን ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ጻፊው፤ 05፣ 08፣ 50 እያልሽ።

ሁለት አኃዝ ቦታ ሲለዋወጥም እንዲሁ ነው። 12,850 ብለሽ ልትመቺ 12,580 ከመታሽ መልሱ 487,475 ይሆናል፤ ከእውነተኛው በ10,462 ብር ከ50 ያንሳል፣ ከግምትሽ ጋር ግን አይጣላም። እዚህ ላይ ሁለተኛ መንገድ ያስፈልግሻል። በኩንታል ከሠራሽው በኋላ በኪሎ ሥሪው፤ 3,875 ኪሎ በ128.50። አዲስ ቁጥሮች ስለሆኑ ጣትሽም ዓይንሽም የቀድሞውን ስሕተት አይደግሙትም፤ ዋጋውን ግን ከራስሽ ማስታወሻ ሳይሆን ከመዝገቡ እያየሽ ምቺው። ሁለቱም 497,937.50 ካሉ፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይም ቀድመሽ የጻፍሽው 500 ሺህ ካለ፣ ያኔ ደረሰኙን ቁረጪ።